የአስማቱ ሕግ ለታሪኩ ይታመናል? ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የአንድ ፋንታሲ ልብ ወለድ አስማት ወጥ መሆኑን በምን ይለያሉ?

መልስ፦ አንድ ኃይል አንዴ ከታየ በኋላ በቀጣዩ ችግር ጊዜ የት እንደገባ እከታተላለሁ። እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመውን ሦስተኛውን የሃሪ ፖተር መጽሐፍ ይውሰዱ። የሃሪ ጓደኛ ሄርማየኒ ጊዜን ወደ ኋላ የሚመልስ ትንሽ የአሸዋ ሰዓት አላት። ደራሲዋ ይህን ከመግለጿ በፊት ግን ፍንጩን በትናለች፤ ልጅቷ በአንድ ሰዓት የሚሰጡ የተለያዩ ትምህርቶችን ትከታተላለች፣ ደረጃ ላይ ከጓደኞቿ ጋር ስትወጣ ድንገት ትሰወራለች። ሃሪን ያዳነው ሰውም ከሐይቁ ማዶ አስቀድሞ ታይቷል፤ ኋላ ራሱ ሃሪ ሆኖ ይገኛል። አንባቢው ገጹን መልሶ ገልጦ ሁሉንም ማመሳከር ይችላል። እኔ ፍትሐዊ የምለው እንዲህ ያለውን ነው።

ጥያቄ፦ አስማት በሃይማኖታችን የተወገዘ ሆኖ ሳለ እንዴት ፍትሐዊ ይባላል?

መልስ፦ ያነሡት ቁም ነገር ነው፤ ሆኖም እዚህ የምንመዝነው ደራሲው ለአንባቢው የገባውን ቃል መጠበቁን ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ በአራተኛው መጽሐፍ ሴድሪክ የተባለው ተማሪ ሲሞት ሰዓቱን ያልተጠቀሙት ያለፈ ነገር ስለማይለወጥ ነው። ስለዚህ ምንም ስሕተት የለም፤ አይደለም እንዴ?

መልስ፦ ግማሹን አግኝተውታል። በሦስተኛው መጽሐፍ ልጆቹ ተመልሰው ያደረጉት ሁሉ በመጀመሪያውም ዙር ተደርጎ ነበር። ሞት የተፈረደበት ክንፋም እንስሳ ባክቢክ ሲታረድ አላዩም፤ የመጥረቢያውን ድምፅ ብቻ ነው የሰሙት። የሴድሪክን አስከሬን ግን ሃሪ በዓይኑ አይቶታል፤ በዚህ ክርክርዎ ይጸናል። ነገር ግን ሄርማየኒ ራሷ በጊዜ ሲጫወቱ የቀድሞ ወይም የወደፊት ራሳቸውን በስሕተት የገደሉ ጠንቋዮች እንዳሉ ትናገራለች። የቀድሞ ራሱን የገደለ ሰው ያለፈውን ለውጧል ማለት ነው። ሁለቱ አይታረቁም። እ.ኤ.አ. በ2003 በወጣው አምስተኛው መጽሐፍ የአስማት ሚኒስቴሩ ጊዜ መላሽ ሰዓቶች በጠብ መሐል ተሰባበሩ፤ ይህ ወደፊት ያለውን በር ይዘጋል፣ ከዚያ በፊት ለምን እንዳልተሠራባቸው ግን አይመልስም።

ጥያቄ፦ የምጽፈው ልብ ወለድ ውስጥ ፈዋሿ ሰው ባዳነች ቁጥር አንድ ትዝታ ታጣለች። በመጨረሻው ምዕራፍ ልጇን በፍቅሯ ብርታት ያለ ምንም ዋጋ ታድናለች። ይሄዳል?

መልስ፦ አይሄድም፤ ዋጋው እጅግ በሚያስፈልግበት ሰዓት ተሰረዘ። ያስከፍሏት። ልጇን እንድትረሳ ማድረግ ግን አንባቢው ከሩቅ የሚያየው ነው። ጠላት የተደበቀበትን ቦታ የምታውቅ እሷ ብቻ ብትሆንና ያንን ብትረሳ፣ መዳኑ ራሱ አዲስ ችግር ይወልዳል። ፍቅር ዋጋ የሚያስቀር ከሆነም ይህ ቀደም ባለ ምዕራፍ፣ በትንሽ ቁስል ላይ መታየት አለበት።

ጥያቄ፦ ስለ ሄርማየኒ ንግግር አልተስማማሁም። ከአስተማሪዋ የሰማችውን ነው የደገመችው፤ ማስፈራሪያ ሊሆን ይችላል።

መልስ፦ ሊሆን ይችላል። ደራሲዋ ግን ማስፈራሪያ ለመሆኑ አንድም ምልክት አልሰጠችንም፤ እኔም በዚያው እጸናለሁ።