ሲሞቅ ቮልቴጁ የሚወርድ ፓወር ሰፕላይ

«የካሜራ ፓወር ሰፕላይ ነው፣ 12 ቮልት 5 አምፔር። ሲበራ 12.0 ያሳያል፤ ግማሽ ሰዓት ከሠራ በኋላ 10.3 ይደርስና ካሜራዎቹ ይጠፋሉ። ካሜራዎቹን ብነቅልም ቮልቴጁ አይመለስም፤ ሲቀዘቅዝ ብቻ ይመለሳል። ከእኔ በፊት ሌላ ሰው ጠግኖታል። የውፅዓት ካፓሲተሮቹን ቀየርኩ፣ ለውጥ የለም። ምን ልፈትሽ?»

ካፓሲተር ቢሆን ኖሮ ጭነቱን ስትነቅል ይመለስልህ ነበር። የወረደበትን መጠን አስላው፦ 1.7 ቮልት ከ12ቱ 14 በመቶ ነው። ሣጥኑ ውስጥ ሙቀቱ በ45 ዲግሪ ገደማ ከጨመረ፣ በየዲግሪው 0.3 በመቶ ወርዷል ማለት ነው። እንዲህ የሚወርድ የተራ ትራንዚስተር ቤዝ-ኤሚተር ቮልቴጅ ነው። ግምቴ የቀድሞው ጠጋኝ የውፅዓቱን ቮልቴጅ የሚቆጣጠረውን ቲኤል431 አውጥቶ በቦታው ኤንፒኤን ትራንዚስተር በይዶበታል የሚል ነው። ሁለቱም ጥቁርና ባለ ሦስት እግር ስለሆኑ ላይ ላዩን ሲያዩዋቸው አይለዩም።

ከመክፈትህ በፊት ከመብራት ንቀለው። ትልቁ ካፓሲተር ላይ 310 ቮልት ገደማ ሊቀር ስለሚችል፣ 10 ኪሎ ኦህም 5 ዋት ሬዚስተር በተሸፈነ መያዣ ይዘህ ጫፎቹ ላይ ለአሥር ሰከንድ አቆየው፤ ከዚያ በሜትር አረጋግጥ። በስክሩ ድራይቨር አታገናኘው።

ኦፕቶካፕለሩ አጠገብ፣ በውፅዓቱ በኩል ያለውን ባለ ሦስት እግር ተመልከት። እግሮቹ ተጣመው ወይም ተጠላልፈው ከተበየዱ የሌላ ዕቃ ናቸው። ቀጥሎ ሬፈረንስ ነጥቡ ላይ፣ ማለትም ቲኤል431 ውፅዓቱን በሚለካበት እግር ላይ፣ የሚገናኙትን ሁለት ሬዚስተሮች ለካ። የላይኛው 18 ኪሎ፣ የታችኛው 1 ኪሎ ከሆነ ነገሩ አለቀ፦ የትራንዚስተሩ ቤዝ-ኤሚተር 0.63 ቮልት ሲባዛ በ19፣ 12 ያህል ይሆናል። ሰውየው ቁጥሩ እንዲመጣለት ሬዚስተሩን ለውጦ፣ በቀዝቃዛው ለክቶ አስረክቧል። በየዲግሪው የምትጠፋው 2 ሚሊቮልትም በዚያው በ19 ተባዝታ 38 ሚሊቮልት ትሆናለች።

ቲኤል431 ለምን እንዲህ አይወርድም? ውስጡ ያለው ባንድጋፕ የሚባለው ዑደት ነው፤ ቦብ ዊድላር እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ለቮልቴጅ ሬጉሌተር የተጠቀመበት ዘዴ። የአንድ ትራንዚስተር ቤዝ-ኤሚተር 0.65 ቮልት ገደማ ሆኖ በየዲግሪው 2 ሚሊቮልት ይወርዳል፤ ይህን ማንም ሊያስቀረው አይችልም። ነገር ግን ሁለት ትራንዚስተሮች እኩል ከረንት ተሰጥቷቸው፣ አንዱ የሌላው ስምንት እጥፍ ስፋት ካለው፣ የሁለቱ ቤዝ-ኤሚተር ልዩነት ሙቀት ሲጨምር ይወጣል፦

```
ΔVbe = (kT/q) × ln 8
```

k እና q ቋሚ ቁጥሮች ናቸው፣ T በኬልቪን የሚለካው ሙቀት ነው። በ27 ዲግሪ ሴልሺየስ ይህ ልዩነት 54 ሚሊቮልት ገደማ ነው፤ በየዲግሪው የሚጨምረው ግን 0.18 ሚሊቮልት ብቻ ነው። ታዲያ የሚወርደውን 2 ሚሊቮልት ለመሸፈን በሬዚስተሮች 11 ጊዜ ያህል ያሳድጉታል። 54ቱ 0.6 ቮልት ሆኖ ከ0.65 ጋር ሲደመር 1.25 ይመጣል። አንዱ የወረደውን ያህል ሌላው ስለሚወጣ ድምሩ ባለበት ይቆያል። ድምሩ ከሲሊከን ባንድጋፕ አካባቢ ስለሚያርፍ ነው ስሙን ያገኘው። የቤዝ-ኤሚተሩ አወራረድ ፍጹም ቀጥታ መስመር ስላልሆነ ጥቂት ሚሊቮልት ጉብታ ይቀራል፤ ለካሜራ ግድ የለም። ቲኤል431 የዚህን እጥፍ፣ 2.495 ቮልት ይሰጥሃል።

አሁን ተጠንቀቅ። ትራንዚስተሩን ብቻ በቲኤል431 ተክተህ 1 ኪሎውን ብትተወው፣ ዑደቱ 2.495 ሲባዛ በ19፣ ማለትም 47 ቮልት ይፈልጋል፤ ካፓሲተሮቹም ካሜራዎቹም ይሄዳሉ። የታችኛውን 4.7 ኪሎ አድርገው፤ ከ18 ኪሎ ጋር 12.1 ያህል ይሰጥሃል። ሁለቱም ባለ 1 በመቶ ሜታል ፊልም ይሁኑ። የካርቦን ትሪመር አታስገባ፤ ከሙቀት ጋር ራሱ ይንሸራተታል።

በየሱቁ በከረጢት የሚሸጠው ቲኤል431 ውስጥ ጽሑፉ ብቻ የተለወጠ ትራንዚስተር አይጠፋም። ሳትበይደው ፈትሸው፦ ጠፍጣፋው ፊት ወደ አንተ፣ እግሮቹ ወደ ታች ሲሆኑ ከግራ ሬፈረንስ፣ አኖድ፣ ካቶድ ናቸው፤ የገዛኸው ዓይነት አቀማመጥ ግን ይለያይ እንደሆነ አረጋግጥ። ሬፈረንሱን ከካቶዱ ጋር አገናኝ፣ ከ12 ቮልት በ1 ኪሎ ኦህም መግበው፣ አኖዱን ኔጌቲቭ ላይ አስረህ ለካ። 2.5 አካባቢ ካሳየ ደህና ነው። ካውያ አስጠግተህ ብታሞቀው ጥቂት ሚሊቮልት ብቻ ይነቃነቃል። 0.7 አካባቢ ካሳየህና ስታሞቀው እየወረደ ከሄደ ጣለው።

ከበየድክ በኋላ ገና መብራት ላይ አትሰካው፤ 310ሩም ባዶ መሆኑን ድጋሚ ለካ። ከረንቱ 100 ሚሊአምፔር ላይ የተገደበ ተስተካካይ ፓወር ሰፕላይ ከውፅዓቱ ጋር አገናኝና ከ10 ቮልት ቀስ እያልክ ጨምር። 12.1 አካባቢ ስትደርስ ካቶዱ ላይ ያለው ቮልቴጅ ወደ 2 ቮልት ዝቅ ማለት አለበት። በፀጉር ማድረቂያ እያሞቅክ ድገመው፤ የሚወድቅበት ነጥብ ከ0.1 ቮልት በላይ መንሸራተት የለበትም። ከተንሸራተተ ሬፈረንስ እግሩን ተመልከት፦ ካቶዱ በሚወድቅበት ቅጽበት እዚያ 2.5 ካለ ጥፋቱ የሬዚስተሮቹ ነው፤ እሱም አብሮ ከተለወጠ ቲኤል431ህን ቀይር።