ለበደለኝ ሰው በጎ መመኘት ሲያቅተኝ፦ ስለ ሜታ ሜዲቴሽን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ (ከፍራንክፈርት)፦ ታላቅ ወንድሜ በሰጠሁት ውክልና የአባታችንን ቤት ሸጦ ድርሻዬን በላ። ሜታ ልለማመድ ቁጭ ብዬ «ደህና ይሁን» ስል ደሜ ይፈላል፣ ራሴንም እንደ ውሸታም አየዋለሁ። ምን ላድርግ እትዬ?

መልስ፦ እህቴ፣ ለጊዜው ወንድምሽን ተዪው። ሜታን፣ ማለትም ለራስና ለሌሎች በጎ የመመኘትን ልምምድ፣ ሞክረው የተዉ ሰዎችን ስጠይቅ አብዛኞቹ የሚነግሩኝ ይህንኑ ነው፤ በመጀመሪያው ቀን በጣም የጎዳቸውን ሰው ፊታቸው አስቀምጠው ነው የጀመሩት። በአምስተኛው ክፍለ ዘመን ስሪ ላንካ ውስጥ ቪሱዲማጋ የተባለውን መመሪያ የጻፈው መነኩሴ ቡድሃጎሳ በጠላት አትጀምሩ ብሎ በግልጽ አስጠንቅቋል። የእሱ መንገድ ከራስ ይነሳል። ከዚያ ወደሚከበርና ውለታ ወደዋለ ሰው፣ ቀጥሎ ወደሚወዱት ወዳጅ፣ ከዚያ ወደማይወዱትም ወደማይጠሉትም ሰው ይሄዳል። የበደለ ሰው የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው።

ውሸታም ስለመሆን ላነሳሽው፦ በሜታ የምንለማመደው ምኞትን ነው፣ ስሜት ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይቀራል። ጎረቤትሽን «ጤና ይስጥልኝ» ስትይ ልብሽ በፍቅር ሞልቶ አይደለም፣ ግን ዋሸሽ የሚልሽ የለም። ወንድምሽ ጤነኛ ቢሆን ከልብሽ አትቃወሚም፣ ያ ለመነሻ ይበቃል።

በአንቺ ጉዳይ እንዲህ ብታደርጊ ይሻላል። በቀን ሃያ ደቂቃ ያህል ተቀመጪ፣ ጀርባሽን ቀና አድርጊ፣ እጅሽን ጭንሽ ላይ አሳርፊ። አራት አጫጭር አባባሎች ያዢ፦ «ደህና ልሁን። ከጉዳት ልጠበቅ። ሰውነቴ ጤና ያግኝ። ልቤ ይረፍ።» ቀስ ብለሽ፣ አንዱን ከአንድ ትንፋሽ ጋር እያስኬድሽ በይ። ከዚያ ውለታ የዋለልሽን ሰው አምጪ። አባትሽን አላልኩም፣ ቡድሃጎሳ ለዚህ ልምምድ በሕይወት የሌለ ሰው አይመረጥም ይላልና። ጀርመን እንደገባሽ ቤቷ ያሳረፈችሽ ሰው ካለች እሷን ያዢ። የበሩን መክፈቻ ስታቀብልሽ ፊቷ ምን ይመስል እንደነበር አስቢ፣ ከዚያ አራቱን አባባሎች ለእሷ በያቸው። ቀጥሎ በየቀኑ የምታያትን ስሟን ግን የማታውቂያትን የሱፐርማርኬት ገንዘብ ተቀባይ። በዚህ ሁለት ሳምንት ቆዪ፣ ወንድምሽን አትጥሪው።

ከዚያም በቀጥታ ወደ እሱ አትዝለዪ። መሃል ላይ በትንሹ የሚያናድድሽ ሰው ያስፈልጋል፤ የሥራ ድርሻዋን ሁልጊዜ አንቺ ላይ የምትጥል ባልደረባ ለምሳሌ። እሷን ስታስቢ ጥርስሽን ካልነከስሽ፣ ትንፋሽሽ ካላጠረ ወደ ወንድምሽ መሄድ ትችያለሽ። እሱንም ስታመጪ ቤት ሻጩን አታምጪው። የቡድሃ ትምህርቶች ስብስብ በሆነው በአንጉታራ ኒካያ ውስጥ የቡድሃ ደቀ መዝሙር የነበረው መነኩሴ ሳሪፑታ ቂም የያዘን ሰው እንዲህ ይመክራል፦ የሰውየው ሥራ መጥፎ ሆኖ አንደበቱ መልካም ከሆነ አንደበቱን አስብ፣ አንደበቱ መጥፎ ሆኖ ሥራው መልካም ከሆነ ሥራውን አስብ፣ ምንም መልካም ካጣህበት ለራሱ ስለሚያሰጋው ነገር እዘንለት። ወንድምሽ ትምህርት ቤት እጅሽን ይዞ የወሰደበት አንድ ጠዋት ቢኖር፣ የዚያን ጠዋት ልጅ ፊት ለሦስት ትንፋሽ ያዢው። «ደህና ይሁን።» በቃ፣ ለዚያ ቀን ያ ይበቃል።

ደም መፍላት ሲጀምር በአብዛኛው አእምሮሽ የክስ ንግግር እያዘጋጀ ነው፦ «እኔ እንዲህ ባልኩት፣ እሱም እንዲህ ሲለኝ…» ይህን የሰማሽበት ቅጽበት ወደ ገንዘብ ተቀባይዋ ተመለሺ። ተሸነፍኩ አትበዪ፣ መመለሱ ራሱ የልምምዱ አካል ነው። ሌላም ልብ በዪ፦ «ጥፋቱ ገብቶት ደህና ይሁን» ወይም «ተጸጽቶ ሰላም ያግኝ» ማለት ከጀመርሽ ቂሙ ልብስ ቀይሮ ገብቷል። ማሠሪያውን ፍቺና «ደህና ይሁን» ብቻ በዪ። ያም ከከበደሽ ወደኋላ ተመለሺ።

ጥያቄ (ከሲልቨር ስፕሪንግ)፦ እትዬ፣ እኔ እንኳን የምለው አስቀድመው ይቅር ሳይሉ ሜታ አይሠራም ነው። እህታችን መጀመሪያ ይቅር ትበለው፣ ከዚያ ሁሉም ቀላል ነው። አይደለም?

መልስ፦ ግማሹ ልክ ነው ወንድሜ። ቂም የያዘ ልብ በጎ ምኞትን ያደናቅፋል፣ ቡድሃጎሳም ለዚያ ብዙ ገጽ ሰጥቶታል። ቅደም ተከተሉ ላይ ግን ተገልብጦብሃል። ይቅርታን ቅድመ ሁኔታ ካደረግነው የተጎዳው ሰው መጀመር አይችልም፣ ምክንያቱም ያቃተው ይቅር ማለቱ ነው። ይቅር ማለትና ደህንነቱን መመኘት ደግሞ የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። እህታችን ወንድሟ ጥፋተኛ መሆኑን፣ ገንዘቡ የእሷ መሆኑን ሙሉ በሙሉ ይዛ፣ ሆስፒታል እንዳይተኛ ልትመኝለት ትችላለች። ይቅርታው ከወራት በኋላ ሊመጣ ይችላል፣ ላይመጣም ይችላል።

ጥያቄ (ከሪያድ)፦ እኔ አሁንም የምሠራው ደሞዜን ከያዘችብኝ፣ ከምትጮህብኝ እመቤቴ ቤት ነው። እሷ ከላይ ስትጠራኝ ልቤ ይመታል። ለእሷም እመኝላት እትዬ?

መልስ፦ አይ ልጄ፣ አሁን አይሆንም። የጎዳን ሰው ገና እየጎዳን እያለ ለእሱ በጎ መመኘት እንደ ግዴታ ሲያዝ ሰውን ያደክመዋል፣ «ችግሩ የኔ ልብ ነው» የሚል ሐሳብም ያሳድራል። ያንቺ ልብ የሚመታው ትክክለኛ ማስጠንቀቂያ ስለሰማ ነው። መጀመሪያ ደሞዝሽና ደህንነትሽ። ስንት ወር እንደተያዘብሽ ጽፈሽ ያዢ፣ የውሉን ቅጂ ለምታምኚው ሰው ላኪ፣ ኤምባሲውን ማነጋገር የምትችይበትን መንገድ ፈልጊ።

ደግሞም ሜታ ብቸኛው መንገድ አይደለም። በአንጉታራ ኒካያ ቡድሃ ቂምን ለማብረድ አምስት መንገድ ይዘረዝራል። ሜታ አንዱ ነው፣ ርኅራኄ አንዱ፣ ሚዛን ጠብቆ ማየት አንዱ፣ ሰውየው ሥራው የራሱ እንደሆነና ፍሬውንም ራሱ እንደሚወርስ ማሰብ አንዱ። አምስተኛው ሐሳብን ከሰውየው ላይ ማንሳት፣ አለማስታወስ ነው። ይህን አምስተኛውን ብዙ አስተማሪ ዘሎት ያልፋል፣ እኔ ግን ላንቺ አሁን የሚሆነው እሱ ይመስለኛል። ማታ በርሽን ዘግተሽ ስትተኚ «ደህና ልሁን፣ ከጉዳት ልጠበቅ» በዪ፣ ከዚያ አብራሽ የምትሠራ ልጅ ካለች ለእሷም በዪላት። እመቤቲቱን ወደ ክፍልሽ አታስገቢያት።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ ባለቤቴ ጥሎኝ ሄዷል። በየቀኑ በጎ ብመኝለት ልቡ ለስልሶ ይመለሳል?

መልስ፦ እህቴ፣ በዚህ ልምምድ የሚለወጠው የተቀመጠው ሰው ልብ ነው። እሱ ይመለስ አይመለስ ሜታ ምንም ቃል አይገባም። የድሮዎቹ አስተማሪዎች የሜታን ሁለት ጠላት ለይተዋል፦ ሩቁ ጠላት ጥላቻ ነው፣ ቅርቡ ጠላት ግን ሜታ የሚመስለው መጣበቅ ነው፣ «ደህና ይሁን፣ ግን ከኔ ጋር» የሚለው። እንዲህ እየመኘሽ ብትቀጥዪ ስልክ መጠበቁ ይብስብሻል። ለጊዜው ለራስሽና ለሌላ ወዳጅሽ ብቻ ተቀመጪ፣ እሱ ራሱ ሲመጣብሽ አራተኛውን አባባል ለራስሽ ተናገሪው፦ «ልቤ ይረፍ።»

ጥያቄ (ከሐዋሳ)፦ ከክርስትናዬ ጋር አይጋጭም ወይ? እናቴ «የባዕድ አምልኮ ነው» እያለች ነው።

መልስ፦ ምንጩ የቡዲስት ገዳም ነው፣ ይህን ደብቄ አላስተምርም። ማንም አይመለክበትም፣ አባባሎቹ ወደ ማንም አይላኩም፣ ጸሎትንም አይተኩም። ዛሬ በሆስፒታልና በዩኒቨርሲቲ ያለ ሃይማኖት ይሰጣል። ሆኖም የንስሐ አባትህ ቢያውቁት ይሻላል፣ ከእናትህም ጋር በዚህ አትከራከር። የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ አምስት ስለሚያሳድዱ ሰዎች ጸልዩ ይላል፣ ያንን በጸሎትህ ብታደርገው ሜታ የግድ አያስፈልግህም።

ጥያቄ (ከቴል አቪቭ)፦ እኔ ስቀመጥ ቁጣ እንኳን አይሰማኝም፣ ደንዝዤ እቀራለሁ። አንዳንዴ ደግሞ የሆነው ነገር እንደ አሁን ሆኖ ይታየኛል። ልቀጥል?

መልስ፦ አይ፣ እርስዎ የጠቀሱት ሲመጣ ልምምዱ ይቆማል። ዓይንዎን ይክፈቱ፣ እግርዎ ወለሉን ሲነካ ይሰማዎት፣ ክፍሉ ውስጥ ያሉትን ዕቃዎች በስማቸው ይጥሩ። ያለፈው ነገር በዓይን ፊት የሚደገም ከሆነ ሜዲቴሽን ብቻውን አያክምም፣ ሊያብሰውም ይችላል። የአእምሮ ሐኪም ወይም የሥነ ልቦና ባለሙያ ያነጋግሩ፣ ሜታን ወደፊት ከእነሱ ጋር ሆነው ቢጀምሩት ይሻላል። ለብቻዎ መሞከር ከፈለጉ ቢያንስ የጎዳዎትን ሰው ከልምምዱ ያውጡት፣ ዓይንዎን ሳይጨፍኑ ለአጭር ጊዜ፣ ለአንድ ወዳጅ ብቻ ይሁን።

ጥያቄ (ከሚኒያፖሊስ)፦ እኔም ለረጅም ጊዜ ተለማምጃለሁ። ከራስ መጀመር የሚባለው ለእኛ አገር ሰው አይስማማም። «ደህና ልሁን» ስል ራስ ወዳድ የሆንኩ ይመስለኛል፣ በልጄ ስጀምር ግን ወዲያው ይመጣልኛል። ይህን ለምን አያስተምሩም?

መልስ፦ አንዳንዶች እንዳሉት ያስተምራሉ፣ ራሳቸውን ለሚጠሉ ሰዎች ደግሞ ይህ በእርግጥ ይቀላል። የእኔ ሥጋት ሌላ ነው። በልጅ የሚመጣው ሙቀት ብዙ ጊዜ ከመጣበቅና ከጭንቀት ጋር ተጣብቆ ነው የሚመጣው፤ ልጁ ያመመው ዕለት ልምምዱም ይታመማል። በውለታ ባለቤት መጀመር መሃል መንገድ ይመስለኛል። ግን እርስዎ ላይ ሠርቶ ከሆነ እኔ አልከለክልም፣ እዚህ ላይ አስተማሪዎችም አልተስማሙም።

ጥያቄ (ከፍራንክፈርት፣ በድጋሚ)፦ እትዬ፣ ወንድሜን ልከሰው እያሰብኩ ነው። እየከሰስኩት ሜታ መለማመድ ይቻላል? ደግሞስ እየሠራ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

መልስ፦ ይቻላል። ጠበቃ ያዢ፣ ውክልናውንና የሽያጭ ውሉን ሰብስቢ። ከጠበቃሽ ጋር ስታወሪ ያለሽን ሁሉ ተናገሪ፣ የሜታ ሰዓትሽን ግን ለብቻው አድርጊው። ከችሎት በፊት ባለው ምሽት ወንድምሽን አትጥሪው፣ ለራስሽና ለወዳጅሽ ብቻ ተቀመጪ።

መሥራቱን በፍቅር አትለኪው። ስሙ ስልክሽ ላይ ሲመጣ ሆድሽ የሚኮማተረው ከበፊቱ ቶሎ ከለቀቀሽ፣ ሌሊት ከእሱ ጋር የምታደርጊው ክርክር ካጠረ፣ ሌላ ሰው ሲያማው መጨመር ካላሰኘሽ እየሠራ ነው። ይህ በቀናት አይመጣም። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ባርባራ ፍሬድሪክሰንና ባልደረቦቿ በ2008 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ሠራተኞች ለሰባት ሳምንት ያህል ሜታ ሲማሩ በጎ ስሜታቸው ያደገው በጥቂት በጥቂቱ፣ ሳምንታት እየቆጠረ ነበር። ጥናቱ ግን ስለ ተራ የዕለት ኑሮ እንጂ ቤቱ ስለተወሰደበት ሰው አልነበረም፣ ስለዚህ ያንቺ ከዚያ ቢረዝም አትደንግጪ። ሁለቱን ሳምንት ጨርሺና ከገንዘብ ተቀባይዋ ጋር እንዴት እንደሄደ ጻፊልኝ፣ ከዚያ ባልደረባሽን እናስገባለን።