የባንክ ስቴትመንት ላይ ያለውን ወለድና ቻርጅ ከታሪፉ ጋር እንዴት እናስተያየው?

ጥያቄ፦ «ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ሸዋበር ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ቁጠባ ሒሳቤ ላይ ኤፕሪል ሲገባ 84 ሺህ ብር ነበር። በ10 ለዕቃ 60 ሺህ አወጣሁ፣ በ21 ደግሞ 50 ሺህ አስገባሁ። ወሩ ሲያልቅ 74 ሺህ ነበረኝ። ወለዱ 7 ፐርሰንት ነው ተብዬ የገባልኝ ግን 133 ብር ብቻ ነው። ስቴትመንቱ ላይ ደግሞ 5.75፣ 5.75 እያለ ተቆርጧል፤ ታሪፉ ግን 5 ብር ነው የሚለው። እየበሉኝ ነው እንዴ? በምን ላረጋግጥ?»

መልስ፦

ወንድሜ፣ አብሽር። የሰጠኸን ቁጥር ብቻውን ብዙ ይናገራል። ኮምቦልቻ ላይ የነጋዴዎች ሒሳብ መያዝ ሥራዬ ስለሆነ ስቴትመንት ከታሪፍ ጋር ማስተያየት የየወሩ ሥራዬ ነው። አብዛኛው ሰው «ይህ ብር ያንሳል» ብሎ በቀጥታ ወደ ቅርንጫፉ ይሄዳል። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ «ሲስተሙ ነው የሚያሰላው» ትለዋለች፣ ተናዶ ይመለሳል። አንተ ግን ከመሄድህ በፊት ባንኩ ወለዱን በየትኛው ብር ላይ እንደቆጠረ ማወቅ ትችላለህ። መንገዱ ከገባልህ ብር ተነስቶ ወደ ኋላ ማስላት ነው።

መጀመሪያ ግብሩን መልስበት። የገቢ ግብር አዋጁ፣ ቁጥር 979/2008፣ ከባንክ ቁጠባ ወለድ ላይ 5 ከመቶ እንዲቆረጥ ያዛል። ባንኩ ቆርጦ ለመንግሥት ያስገባል፤ ለራሱ የሚያስቀረው አይደለም። አንዳንድ ስቴትመንት ወለዱንና ግብሩን በሁለት መስመር ያሳያል፣ አንዳንዱ የተጣራውን ብቻ ያስቀምጣል። ያንተ የተጣራው ይመስላል። 133ን ለ0.95 ስታካፍለው 140 ብር ይመጣል። ከግብር በፊት የነበረው ወለድ ይህ ነው።

አሁን 140ን በ12 አባዛው፣ 1,680 ይሆናል። ይህንን ለ0.07 አካፍለው። 24,000 ይመጣል።

ይህን ቁጥር ታውቀዋለህ። 60 ሺህ አውጥተህ ሒሳብህ ላይ የቀረው ብር ነው። ስለዚህ ባንኩ ወለዱን ያሰላው በወሩ ውስጥ በነበረህ ዝቅተኛ ቀሪ ሒሳብ ላይ ነው። ከ10 በፊት የነበረው 84 ሺህም፣ ከ21 በኋላ የነበረው 74 ሺህም ለዚህ ስሌት ዋጋ አልነበራቸውም። ይህ አሠራር በአገራችን ባንኮች ያለ ነው፣ ስርቆት አይደለም። ግን ሁሉም ባንክ፣ ሁሉም የቁጠባ ዓይነት እንዲህ አይሰላም። ሌላው አሠራር በየቀኑ በሚያድረው ብር ላይ ማስላት ነው። ያንተ ወር በዚያ ቢሰላ ምን ይመጣ እንደነበር ልሥራልህ።

ከ1 እስከ 9፣ ለ9 ቀን 84 ሺህ አደረ፤ ሲባዛ 756,000። ከ10 እስከ 20፣ ለ11 ቀን 24 ሺህ አደረ፤ 264,000። ከ21 እስከ 30፣ ለ10 ቀን 74 ሺህ አደረ፤ 740,000። ድምሩ 1,760,000 ነው። ይህንን በ0.07 አባዝተህ ለ365 ስታካፍል 337 ብር ከ53 ሳንቲም ይመጣል። 5 ከመቶ ግብር ሲቀነስ እጅህ ላይ የሚደርሰው 320 ብር ከ66 ሳንቲም ነው።

በሁለቱም ስሌት ወለዱ 7 ከመቶ ነው፣ ብሩም ያው ብር ነው። ግን አንደኛው 133፣ ሁለተኛው 320 ብር ይሰጣል። ለዚህ ነው «ወለዱ ስንት ነው?» ብሎ ብቻ መጠየቅ የማይበቃው። «በምን ላይ ነው የሚሰላው፣ በወሩ ዝቅተኛ ቀሪ ወይስ በዕለታዊ ቀሪ?» ብለህ ጠይቅ። መልሱ ሒሳብ ስትከፍት የፈረምክበት ውል ላይ ወይም ባንኩ በድረ ገጹ ላይ በሚያወጣው የታሪፍና የአገልግሎት ሁኔታ ሰነድ ውስጥ ይገኛል። ሰነዱ ዝቅተኛ ቀሪ ካለ 133 ትክክል ነው፣ ቅሬታም የለህም። ዕለታዊ ካለ ግን ሒሳብህ የተሳሳተ የቁጠባ ዓይነት ላይ ተመዝግቦ ሊሆን ይችላል፤ ያ እውነተኛ ቅሬታ ነው። 7 ከመቶው ራሱ ብሔራዊ ባንክ በ2010 መጀመሪያ ከ5 ከፍ አድርጎ ያስቀመጠው ወለል ነው። ባንኮች ከዚያ በላይ መክፈል ይችላሉ፣ ስለዚህ ያንተ ሒሳብ ዓይነት ስንት ተብሎ እንደታተመም እይ።

በዕለታዊ ስሌት ያመጣኸው ቁጥር ከባንኩ በጥቂት ብር ብቻ ቢለይ ለጠብ አትቸኩል። ስቴትመንቱ ላይ Value Date የሚል ዓምድ ፈልግ። ወለድ የሚቆጠረው በእሱ ነው፣ ብር በሰጠህበት ቀን ላይሆን ይችላል። የሌላ ባንክ ቼክ ካስገባህ ደግሞ ቼኩ ተጣርቶ እስኪከፈል ያለው ጊዜ አይቆጠርልህም። ለ365 ይሁን ለ360 መካፈሉም ሳንቲሞቹን ይቀይራል።

ዝቅተኛ ቀሪ የሚቆጥር ሒሳብ ላለው ነጋዴ አንድ የምነግረው ነገር አለ። ለዕቃ የምታወጣው 60 ሺህ በወር 350 ብር ወለድ ያመጣል፣ ከግብር በፊት። በ10 አውጥተህ በዚያው ወር ብትመልሰው የሚቀርብህ የአንድ ወር ወለድ ነው። በ25 አውጥተህ በሚቀጥለው ወር በ5 ብትመልሰው ግን ብሩ የወጣው ለ10 ቀን ያህል ሆኖ የሁለት ወር ወለድ ይቀርብሃል፣ 700 ብር ማለት ነው። አዲስ አበባ ዕቃ ለማምጣት ቀኑን መምረጥ የምትችል ከሆነ ወር እንዳይሻገርብህ አድርግ። ስቴትመንት የሚሄደው በፈረንጅ ወር ስለሆነ የእኛን ወር መጨረሻ አትይ።

ወደ 5.75 እንምጣ። ይህቺ ቀላል ናት። ለ1.15 አካፍላት፣ 5 ብር ትመጣለች። አዋጅ ቁጥር 1341/2016 ከወጣ በኋላ የባንክ አገልግሎት ክፍያ ላይ 15 ከመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ይታሰባል። ታሪፉ ላይ ያለው ዋጋ ብዙውን ጊዜ ቫቱን ሳይጨምር ነው። ቫቱ የሚታሰበው ክፍያው ላይ ብቻ ነው፣ የላክኸው ብር ላይ ወይም ወለድህ ላይ አይደለም። ስለዚህ እያንዳንዱን ቻርጅ ለ1.15 አካፍል። ታሪፉ ላይ ካለ ቁጥር ጋር ከገጠመ ለቀቅ አድርገው። ካልገጠመ መጀመሪያ ሌላ የመንግሥት ተቆራጭ አብሮ እንደገባ ባንኩ ስልክህ ላይ የላከልህን መልእክት እይ፣ ከዚያ የላክኸው ብር በታሪፉ ሰንጠረዥ ላይ የትኛው እርከን ውስጥ እንደሚወድቅ ተመልከት።

ግን ወንድሜ፣ የዋጋ ስህተት ብዙም አያጋጥመኝም። የማገኘው ስህተት በብዛት ቁጥሩ ላይ ነው። ስንት ጊዜ ላክህ፣ ስንት ጊዜ ተቆረጠ? ኮምቦልቻ ላይ ሒሳቧን የምይዝላት አንዲት የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ነበረች። በሌላ ባንክ ኤቲኤም ልታወጣ ሞከረች፣ ማሽኑ ብር አልሰጣትም፣ ከሒሳቧ ግን ተቆረጠ። ዋናው ብር ከቀናት በኋላ ተመለሰላት። የአገልግሎት ክፍያውና ቫቱ ግን አልተመለሱም። እሷ ዋናው ሲመለስ ደስ ብሏት ረስታዋለች። እኔ ያገኘሁት ከእያንዳንዱ ቻርጅ ጎን የራሱን ግብይት በእርሳስ ሳገናኝ ነው። ያ መስመር ብቻውን ቀረ። በማመልከቻ ጠየቅን፣ መለሱላት። ትንሽ ብር ናት፣ ግን የራሷ ናት።

አንተም እንዲሁ አድርግ። የአንድ ወር ስቴትመንት አሳትም። ከእያንዳንዱ ቻርጅ ወደ ወለደው ግብይት መስመር አስምር። ብቻውን የሚቀረው ቻርጅ ወይ ወርሃዊ ነው፣ ለምሳሌ የመልእክት ወይም የካርድ ክፍያ፣ ወይ ስህተት ነው። አንድ ግብይት ሁለት ቻርጅ ከወለደ እሱም ይጠየቃል። REVERSAL የሚል መስመር ስታገኝ ዋናው ብቻ ሳይሆን ክፍያውና ቫቱም መመለሳቸውን እይ።

የታሪፉን ቀን አትርሳ። ባንኮች ታሪፍ ይቀይራሉ፣ ያንተ ግብይት የሚዳኘው በዚያን ቀን በነበረው ታሪፍ ነው። «ከሐምሌ 1 ጀምሮ» የሚለው ጁላይ 8 ነው፤ «ከጁላይ 1» የሚለው ደግሞ ሰኔ 24። በዚያች አንድ ሳምንት ውስጥ የተቆረጠ ክፍያ ላይ ሰው ብዙ ይጨቃጨቃል። ታሪፉን ከድረ ገጹ አውርደህ ስልክህ ላይ አስቀምጠው፣ አሮጌው ሲነሳ አታገኘውም።

ደሴና ኮምቦልቻ ብዙ ሰው ከወለድ ነፃ ሒሳብ ስላለው አንድ ነገር ልጨምር። ወዲዓ ሒሳብ ላይ ወለድ መግባት የለበትም። ስቴትመንት ላይ Interest የሚል መስመር ካያችሁ ሒሳቡ በስህተት በመደበኛ ቁጠባ ተከፍቷል ማለት ሊሆን ስለሚችል ቶሎ አሳውቁ። የአገልግሎት ክፍያው ግን እዚያም ይቆረጣል፣ የማስተያየቱ መንገድ ያው ነው።

ስህተት ካገኘህ በቃል አትናገር። አንድ ገጽ ጻፍ፦ ቀኑ፣ የተቆረጠው ብር፣ ታሪፉ የሚለው፣ ልዩነቱ፣ እና መስመሩ ላይ ያለው የግብይት ቁጥር፤ በብዙ ባንክ FT ብሎ የሚጀምረው ማለት ነው። ሁለት ኮፒ አድርገህ አንዱ ላይ የመቀበያ ማኅተምና ቀን አስደርግ። ቅርንጫፉ ካልመለሰልህ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት የደንበኞች ቅሬታ ክፍል፣ ከዚያም ወደ ብሔራዊ ባንክ መሄድ ትችላለህ፤ የፋይናንስ ሸማቾችን ቅሬታ ይቀበላል። ያለ ማኅተሙ ኮፒ ግን እዚያ ስትደርስ ከዜሮ ትጀምራለህ።

አሁን ውልህን አውጥተህ ዝቅተኛ ወይስ ዕለታዊ እንደሚል እይና እዚሁ ጻፍልን። ፎቶ የምትለጥፍ ከሆነ ስምህንና ሒሳብ ቁጥርህን ሸፍን።