ኤርፎኔ ቤዝ የለውም፣ ምን ነካው?

ድሬዳዋ ውስጥ ኤሌክትሮኒክስ እጠግናለሁ። ስለ ኤርፎን ድምፅ መቅጠን የጠየቃችሁኝን ዛሬ እመልሳለሁ።

ከሳቢያን፦ አዲስ የገዛሁት ኤርፎን ድምፁ ቀጭን ነው፣ ቤዝ የሚባል የለውም። ፎርጅድ ሸጠውልኝ ይሆን?

ሊሆን ይችላል አቦ፣ ግን አትቸኩል። ዘፈን ክፈትና ሁለቱንም በጣትህ ቀስ አድርገህ ወደ ጆሮህ ግፋቸው። ቤዙ ወዲያው ከመጣ ኤርፎኑ ጤነኛ ነው፣ ጎማው ነው ያልገጠመህ። ወፍራሙ ድምፅ የሚሰማው ጎማው የጆሮህን ቀዳዳ ጥርቅም አድርጎ ሲዘጋው ነው። ትንሽ ክፍተት ካገኘ ያመልጣል፣ ቀጭኑ ድምፅ ብቻ ይቀርሃል። ካርቶኑ ውስጥ ያሉትን ሌሎች ጎማዎች ሞክር። የሰው ሁለት ጆሮ እኩል ላይሆን ስለሚችል ለግራና ለቀኝ የተለያየ መጠን ብታደርግ ችግር የለውም። ስታስገባ በሌላ እጅህ ጆሮህን ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ አድርገው። በድሬ ሙቀት ደግሞ ላብ ጎማውን እያንሸራተተ ያወጣዋል፣ አንዳንዴ አውልቀህ ጥረገው።

ከከዚራ፦ ይሄ ሁሉ ምን ያደርጋል? ኢኳላይዘር ገብቶ ቤዙን መጨመር ነው።

ጎማው በደንብ ገጥሞ ትንሽ ቤዝ ካማረህ ልክ ነህ። ክፍተት ካለ ግን የጨመርከውም በዚያው ያመልጣል፣ ስፒከሩም መንጣጣት ይጀምራል። የተበጠሰ ሽቦን ደግሞ ኢኳላይዘር አይቀጥለውም።

ከሐረር፣ ሸዋ በር፦ የኔ ዘፋኙ ራሱ ጠፋ! ሙዚቃው ከሩቅ ይሰማል፣ ድምፃዊው ግን የለም፣ ቤዙም የለም። ጃኩ አጠገብ ገመዱን ስነካካው አንዳንዴ ይመለሳል። ስፒከሩ ተቃጥሎ ነው?

አይደለም እህቴ፣ ስፒከሮችሽ ደህና ናቸው። ግራና ቀኝ በጋራ የሚጠቀሙበት ግራውንድ የሚባል ሽቦ አለ፣ የተበጠሰው እሱ ነው የሚመስለኝ። እሱ ሲበጠስ ሁለቱ ስፒከሮች እርስ በርስ ይያያዙና በግራና በቀኝ መካከል ያለው ልዩነት ብቻ ይሰማል። ድምፃዊውና ቤዙ አብዛኛውን ጊዜ በሁለቱም በኩል እኩል ስለሚቀረጹ ይጠፋሉ፣ የሚቀርልሽ ማስተጋባቱና ዳር ዳር ያለው መሣሪያ ነው። መጀመሪያ የስልኩን ከቨር አውልቀሽ ጃኩን እስከ መጨረሻው ግፊው፣ በደንብ ያልገባ ጃክም ልክ እንደዚህ ያደርጋል። ማይክ ካለው ቁልፉን ተጭነሽ ያዢው። ስትጫኚው ድምፃዊው ከተመለሰ ገመዱ አልተበጠሰም፣ የጃኩ አሠራር ከስልክሽ ጋር አልተስማማም ማለት ነው። ሁለቱም ካልሆነ ቴስተር ፈልጊ።

እንደገና ከሸዋ በር፦ ከቨሩን አወለቅኩ፣ ቁልፉንም ተጫንኩ፣ ለውጥ የለም። ወንድሜ በቴስተር ለካው። ግራ ከግራውንድ ምንም አያሳይም፣ ቀኝ ከግራውንድም ምንም፣ ግራ ከቀኝ 33 አለ።

ጎበዝ ወንድም አለሽ! የ33 ኦሙ ንባብ ሁለቱም ስፒከሮች በሕይወት እንዳሉ ይነግረናል፣ እያንዳንዳቸው ወደ 16 ናቸው ማለት ነው። የሞተው ግራውንዱ ብቻ ነው። ስትነካኪው የሚመለሰው ጃኩ አጠገብ ስለሆነ እዚያው ከጃኩ 3 ሳንቲሜትር ያህል ቆርጦ አዲስ ጃክ መበየድ ነው። ብዙ ጊዜ ቀዩ ቀኝ፣ አረንጓዴው ወይም ሰማያዊው ግራ፣ የመዳብ ቀለሙ ግራውንድ ነው፣ ግን በቀለም ብቻ አትመኑ፣ ለኩት። ሽቦዎቹ በቀጭን ቫርኒሽ የተሸፈኑ ስለሆኑ ጫፋቸውን በጋለ መበየጃና በሊድ በደንብ ሳታቃጥሉ ብየዳው አይይዝም። ብዙ ጥገና ሳምንት ሳይሞላው የሚላቀቀው በዚህ ነው።

ከለገሃሬ፦ አንዱ ጆሮ ተበጥሶ አስጠገንኩት። አሁን ሁለቱም ይሠራሉ፣ ግን ስሰማው ራሴን ያዞረኛል፣ ቤዙም ደክሟል።

እያንዳንዱን ለብቻው ስማው። ለየብቻ ሙሉ ሆነው አንድ ላይ ሲሆኑ ባዶ ከመሰሉህ የተጠገነው ጆሮ ሁለት ሽቦዎች ተገላብጠው ተበይደዋል። አንዱ ስፒከር ሲገፋ ሌላው ይስባል። ኤርፎን ላይ ቤዙ እንደ ትልቅ ስፒከር አየር ላይ እርስ በርሱ አይጠፋፋም፣ ግን አእምሮህ ድምፁን መሐል ላይ ማስቀመጥ ያቅተዋል። ዜና ክፈትና አረጋግጥ። የአንባቢው ድምፅ ጭንቅላትህ መሐል መቀመጥ ሲገባው ወደ ሁለቱ ጎን ከተበተነ እሱ ነው። የዚያን ጆሮ ብቻ ሁለቱን ሽቦዎች አገላብጦ መበየድ ነው፣ ሁለቱንም ጆሮ ካገላበጥክ ግን ያው ትመለሳለህ። ገመዱ በሁለት እሾህ የሚነቀል ዓይነት ከሆነ ብየዳም አያስፈልግ፣ አንዱን ነቅለህ አዙረህ ሰካው።

ከመጋላ፦ የኔ ብሉቱዝ ነው፣ ቀኙ ብቻ ቀጠነ። የትኛውን ሽቦ ላገላብጥ?

አይ አባቴ፣ ምንም እንዳትከፍት! የተገላበጠ ሽቦ አንድን ጆሮ ለብቻው አያቀጥንም። ጎማውን አውልቀህ ወንፊቷን በብርሃን እያት፣ የጆሮ ኩክ ይደፍናታል። ወንፊቷን ወደ መሬት አዙረህ በደረቅ ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ጥረጋት፣ ውሃ አይንካት። ከዚያ የግራውን ጎማ ለቀኝ አድርገህ ሞክር። ያም ሆኖ ከቀጠነ ስፒከሩ ራሱ ተጎድቶ ሊሆን ይችላል፣ ሳልሰማው ግን እሱ ነው ብዬ አልፈርድም።