ጭንቅላቱ ወጥቶ ወዴት ዞረ? ስለ ምጥ ደረጃዎችና ስለ ሕፃኑ እንቅስቃሴ ጥያቄና መልስ

የሚድዋይፈሪ ተማሪ፦ ሲስተር፣ ይህ የሞዴል ፈተና ጥያቄ አጨቃጭቆናል። «የመጀመሪያ ልጇን የምትወልድ እናት ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ስትመረመር የማህጸን በሯ 6 ሳንቲ ሜትር ተከፍቷል፤ የሕፃኑ አቀማመጥ ኤል ኦ ኤ ነው። 6 ሰዓት ላይ በሩ ሙሉ በሙሉ ተከፈተ። 7 ሰዓት ከ10 ላይ ጭንቅላቱ ፊቱን ወደ ታች አድርጎ ወጣ፤ ወዲያውም የኋላ ራሱ ወደ እናቲቱ ግራ 45 ዲግሪ ዞረ። ይህ እንቅስቃሴ ምን ይባላል? ሀ. ኢንተርናል ሮቴሽን፣ ለ. ሬስቲትዩሽን፣ ሐ. ኤክስተርናል ሮቴሽን፣ መ. ኤክስተንሽን።» እኔ ሐን መረጥኩ፤ የመልስ ቁልፉ ለ ይላል። ለምን?

መልስ፦ ቁልፉ ትክክል ነው። ሰዓቶቹን ለጊዜው ተዋቸውና ትከሻውን አስብ፤ ጥያቄው ስለ ጭንቅላት ቢያወራም መልሱ ያለው ትከሻው ላይ ነው።

ኤል ኦ ኤ ሲባል የሕፃኑ የኋላ ራስ በእናቲቱ ግራ ፊት በኩል ነው። ሕፃኑ እየወረደ አገጩን ወደ ደረቱ ሲያስጠጋ፣ የዳሌውን ወለል ጡንቻ ቀድሞ የሚነካው የኋላ ራሱ ይሆናል። ይህ ጡንቻ ወደ ፊት የተዳፈተ ስለሆነ ቀድሞ የነካውን ክፍል ወደ ፊት ያዞረዋል። የኋላ ራሱም 45 ዲግሪ ዞሮ ከብልት አጥንቱ ሥር ይገባል። ኢንተርናል ሮቴሽን ይህ ነው፤ ከዓይን ተሰውሮ ውስጥ የሚያልቅ ስለሆነ ሀ ከምርጫው ይወጣል። ትከሻው ግን አብሮ አልዞረም፤ በነበረበት በሰያፍ እንደቆመ ነው። ስለዚህ አንገቱ ተጠማዝዟል። ትከሻህን ሳታንቀሳቅስ አንገትህን ብቻ ወደ ጎን አዙርና ጥቂት ቆይ፤ ሕፃኑ ያለበትን ሁኔታ ታገኘዋለህ።

ከዚያ አንገቱ ከብልት አጥንቱ ሥር እንደ ተደገፈ ጭንቅላቱ ወደ ኋላ ይቃናል፤ አናቱ፣ ግንባሩ፣ ፊቱና አገጩ በየተራ ይወጣሉ። ይህ ኤክስተንሽን ነው። አሁን ጭንቅላቱን የሚይዘው ነገር ስለሌለ የተጠማዘዘው አንገት ይፈታል፣ የኋላ ራሱም ወደ መጣበት ወደ ግራ 45 ዲግሪ ይመለሳል። ሬስቲትዩሽን ይህ ነው፤ የተጠየቅከውም ይህን ነው።

አንተ የመረጥከው ኤክስተርናል ሮቴሽን ቀጥሎ የሚመጣው ነው። በሚቀጥለው ምጥ የፊተኛው ትከሻ፣ በኤል ኦ ኤ የሕፃኑ ቀኝ ትከሻ ማለት ነው፣ የዳሌውን ወለል ይነካና እሱም በተራው 45 ዲግሪ ወደ ፊት ይዞራል። ውጭ ያለው ጭንቅላት ይከተለዋል፤ በዚያው አቅጣጫ ሌላ 45 ዲግሪ ይጨምርና የኋላ ራሱ የእናቲቱን ግራ ጭን፣ ፊቱ ደግሞ ቀኝ ጭኗን ይመለከታል። ጥያቄው «90 ዲግሪ ዞሮ ፊቱ ቀኝ ጭኗን አየ» ቢል ኖሮ ሐ ያስኬድ ነበር።

ሌላ ተማሪ፦ በእኛ የማስተማሪያ ጽሑፍ ግን ሬስቲትዩሽን የሚባል ነገር ለብቻው የለም። እንቅስቃሴዎቹ ሰባት ናቸው፤ ኤክስተርናል ሮቴሽን ስድስተኛው ነው። እንግዲያው ሐ ለምን ስህተት ይባላል?

መልስ፦ አንቺም አልተሳሳትሽም። ሰባት የሚቆጥሩ መጻሕፍት ሬስቲትዩሽንን በኤክስተርናል ሮቴሽን ውስጥ ያጠቃልሉታል። በአዋላጆች መጻሕፍት ግን ሁለቱ ብዙ ጊዜ ተለይተው ይቆጠራሉ፤ ለአዋላጅ የተለያየ ነገር ይነግሯታልና። አንደኛው አንገቱ እንደተፈታ፣ ሁለተኛው ትከሻው ለመውጣት በሚያመች አቅጣጫ እንደገባ ያሳያል። ሁለቱም በምርጫው ውስጥ ጎን ለጎን ከተቀመጡ ፈታኙ ለይቷቸዋል ማለት ነውና «ወዲያው» እና «45 ዲግሪ» የሚሉትን ቃላት ተከተዪ። ፈተናው ሰባት ብቻ በሚቆጥር መጽሐፍ ተዘጋጅቶ ሁለቱንም ቢያስገባ ግን ጥፋቱ የፈታኙ ነው፤ እኔም ልከላከልለት አልችልም።

ስለ ቁጥሩ ካነሳሽ፣ መውረድን እንደ «ሁለተኛ እንቅስቃሴ» ቆጥረው የሚሸመድዱ ተማሪዎች ያሳስቡኛል። መውረድ ተራውን ጠብቆ የሚያልቅ ነገር አይደለም፤ አገጩ ሲያጎነብስም ጭንቅላቱ ሲዞርም ሕፃኑ እየወረደ ነው። መውረዱ ከቆመ ሌሎቹም ይቆማሉ።

በጤና ጣቢያ የሚሠራ ነርስ፦ በተግባር እኮ ሬስቲትዩሽን ማለት ጭንቅላቱ እንደወጣ አዋላጇ በሁለት እጇ ይዛ ወደ ጎን የምታዞረው ነው። እኔ እንዲህ ነው ሲሠራ ያየሁት።

መልስ፦ ያየኸውን አልክድም፤ እኔም ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ጭንቅላቱ ወደ ጎን መዞሩ ልክ ነው፣ የሚያዞረው ግን ሕፃኑ ራሱ ነው። አቅጣጫውን ሳታውቅ ብታዞረው፣ ለምሳሌ ኤል ኦ ኤ የነበረውን ወደ ቀኝ ብትወስደው፣ የተጠማዘዘውን አንገት ጭራሽ ታጠማዝዘዋለህ። በዚያ ጊዜ የእጅህ ሥራ ሌላ ነው፦ እትብቱ አንገቱ ላይ መጠምጠሙን በጣትህ ፈትሽ፤ ላልቶ ከሆነ በጭንቅላቱ ላይ አሳልፈው፤ ከዚያ ቀጣዩን ምጥ ጠብቅ። ትከሻዎቹ ከዞሩ በኋላ ብቻ ጭንቅላቱን በሁለት መዳፍህ ይዘህ በቀስታ ወደ ታች ስትመራው የፊተኛው ትከሻ ይወጣል፤ ወደ ላይ ስታነሳው የኋለኛው ይከተላል።

ሊያስደነግጥህ የሚገባው ጭንቅላቱ አለመዞሩ ነው። ወጥቶ ሳይዞር ወደ ኋላ ተስቦ ጉንጮቹ ከእናቲቱ አካል ጋር ከተጣበቁ፣ የፊተኛው ትከሻ ከብልት አጥንቱ በላይ ተይዞ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ጭንቅላቱን መጎተት የክንዱን ነርቮች ይጎዳል፤ ሆዷን ከላይ መጫንም ትከሻውን ይበልጥ ያስቀረቅረዋል። ሰው ጥራ፣ ጉልበቶቿ ወደ ሆዷ በደንብ እንዲታጠፉ አድርግ፣ ረዳትህም ከብልት አጥንቱ በላይ ያለውን ቦታ ይጫን። ሆድና ከብልት አጥንት በላይ ያለው ቦታ የተለያዩ ናቸው፤ ፈተና ላይም ማዋለጃ ክፍልም ሰው የሚሳሳተው እዚያ ነው።

የሚድዋይፈሪ ተማሪ፦ ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ልመለስ። ሰዓቶቹ ለምን ተጻፉ? ጓደኛዬ ሁለተኛው የምጥ ደረጃ የጀመረው እናቲቱ ማማጥ ስትፈልግ ነው ይላል፤ ጥያቄው ደግሞ ያንን አይነግረንም።

መልስ፦ ጓደኛህ ግማሽ መንገድ ላይ ነው። ሁለተኛው ደረጃ የሚጀምረው የማህጸን በሩ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት፣ በጣትህ ዙሪያውን ፈልገህ ጠርዙን ስታጣው ነው። እናቲቱ የማማጥ ስሜት ቢመጣባትም 9 ሳንቲ ሜትር ላይ ከሆነች ገና የመጀመሪያው ደረጃ ላይ ናት። በሩ ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ ስሜቱ ገና ካልመጣ ደግሞ ሁለተኛው ደረጃ ጀምሯል፤ ሕፃኑ እስኪወርድ እየጠበቅን ነው። ስለዚህ በዚህ ጥያቄ ሁለተኛው ደረጃ የጀመረው 6 ሰዓት ላይ ነው። ጭንቅላቱ 7 ሰዓት ከ10 ስለወጣ 1 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ወስዷል። ለመጀመሪያ ወሊድ አብዛኛውን ጊዜ በ3 ሰዓት ውስጥ፣ ለወለደች ደግሞ በ2 ሰዓት ውስጥ ስለሚጠናቀቅ የሚያሰጋ ነገር የለም። ደረጃው ግን ገና አላለቀም፤ የሚያልቀው መላ አካሉ ሲወጣ ነው። ሰዓቶቹ ለዚህኛው ጥያቄ አያስፈልጉም፣ ምናልባት ለቀጣዩ ጥያቄ የተቀመጡ ይሆናሉ።

ሌላ ተማሪ፦ የመጀመሪያው ደረጃ ንቁው ክፍል ከ4 ነው ወይስ ከ5 ሳንቲ ሜትር?

መልስ፦ ፓርቶግራፍ በሚባለው የምጥ መከታተያ ሠንጠረዥ በቆየው አሠራር ከ4 ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 ባወጣው መመሪያ ከ5 አድርጎታል፤ የማህጸን በር በየሰዓቱ 1 ሳንቲ ሜትር ካልተከፈተ ችግር አለ የሚለውንም ለሁሉም እናት የሚሠራ አይደለም ብሏል። በጥያቄው ውስጥ የማንቂያ መስመርና የእርምጃ መስመር ከተጠቀሱ ፈታኙ በአሮጌው ነው የሚያስበው። ሁለቱም ቁጥሮች ተቀምጠው ምንም ፍንጭ ከሌለ ከመምህራችሁ ጋር ተነጋገሩ፤ አስተማሪዎችም ራሳቸው አልተስማሙም።

እናት፦ እኔ ባለሙያ አይደለሁም፣ ይቅርታ። የመጀመሪያ ልጄ ፊቷን ወደ ላይ አድርጋ ነው የተወለደችው። ወገቤን ሲቆርጠኝ አደረ፣ ምጡም አላልቅ አለ። እዚህ የተጻፈው ሁሉ «ፊቱ ወደ ታች» ይላል። የእኔ ልጅ ምን ሆና ነው? እኔስ ያጠፋሁት አለ?

መልስ፦ ያጠፉት የለም፣ እህቴ። ልጅዎ ወደ ምጡ የገባችው የኋላ ራሷን ወደ ጀርባዎ አድርጋ ይሆናል። እንዲህ ያለ ሕፃን ወደ ፊት ለመዞር 45 ሳይሆን 135 ዲግሪ ይጠበቅበታል፤ ምጡ የሚረዝመው ለዚያ ነው። የወገብ ሕመምም በዚህ አቀማመጥ ብዙ ጊዜ ይነሳል። አብዛኞቹ ይዞራሉ። ጥቂቶች ግን አገጫቸው በደንብ ስላልታጠፈ የዳሌውን ወለል ግንባራቸው ቀድሞ ይነካና እሱ ወደ ፊት ይዞራል፤ እነዚህ ፊታቸውን ወደ ላይ አድርገው ይወለዳሉ። አገጩ የታጠፈ ጭንቅላት በ9.5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ያልፋል፤ ያልታጠፈው ወደ 11.5 ይጠጋል። እርስዎ የተሰማዎት ያ ልዩነት ነው። የእርስዎ ልጅ ለምን እንዳልዞረች ግን ከሩቅ ሆኜ ልናገር አልችልም።

የሚድዋይፈሪ ተማሪ፦ እንግዲያው አር ኦ ኤ ቢሆን፣ የኋላ ራሱ ወደ ቀኝ ተመልሶ መጨረሻ ላይ ፊቱ ግራ ጭኗን ያያል። የፊተኛው ትከሻም ቀኙ ነው።

መልስ፦ እስከ ጭኑ ድረስ ልክ ነህ። ትከሻው ግን ግራው ነው፤ አቀማመጡ ሲገለበጥ እሱም አብሮ ይገለበጣል።