«ጌሙ ላግ ያደርጋል፣ ይቆረጣል»፦ የክላውድ ጌም ጥያቄና መልስ

ዛሬ ማታ ስለ ክላውድ ጌም ያላችሁን ጥያቄ እመልሳለሁ። ክላውድ ጌም ማለት ጌሙ ሩቅ ያለ ሰርቨር ላይ እየሠራ ምስሉ በኢንተርኔት ሲመጣላችሁ ነው። ከእነዚህ አገልግሎቶች በደንብ የማውቀው ጂፎርስ ናውን ነው። እንጀራዬ ደግሞ ዋይፋይ መዘርጋት ነው። አንድ ልመና አለኝ፦ የስፒድ ቴስት ፎቶ አትላኩልኝ። ስፒድ ቴስት የሚነግራችሁ አማካዩን ነው። ጌም የሚያበላሸው ለሩብ ሰከንድ የዘገየው ዳታ ነው፤ እሱ ደግሞ አማካዩ ውስጥ አይታይም።

የአሌክሳንድሪያው፦ ቨርጂኒያ፣ አፓርትመንት ውስጥ ነኝ። መስመሬ 300 ሜጋቢት ነው፣ ዋይፋዬም 5 ጊጋኸርዝ። አንድ ሰዓት ምንም ሳይል እጫወታለሁ፣ ከዚያ ድንገት ይቆረጣል። ከአንድ ደቂቃ በኋላ ራሱ ይመለሳል። ራውተሩ ተበላሽቶ ነው?

መልስ፦ ይሄ የምወደው ጥያቄ ነው። ሲቆረጥ ስልክህን አውጥተህ እይ። የ5 ጊጋኸርዙ ስም ከዝርዝሩ ይጠፋል? ቀጥሎ ኮምፒውተሩ ላይ ኮማንድ ፕሮምፕት ክፈት፣ ይህን ጻፍና `Channel` የሚለውን ቁጥር ንገረኝ።

```
netsh wlan show interfaces
```

የአሌክሳንድሪያው፦ አዎ፣ የ5ቱ ይጠፋል፣ የ2.4ቱ ይቀራል። ቻናሉ 124 ይላል።

መልስ፦ እንግዲያው ራውተርህ ጤነኛ ነው። ሕግ እያከበረ ነው። ከ52 እስከ 144 ያሉት ቻናሎች የራዳር ሰፈር ናቸው። ዋይፋይ እዚያ እንግዳ ነው። ራውተሩ የራዳር ምልክት የሰማ ከመሰለው ወዲያው ቻናሉን መልቀቅ አለበት። የሄደበት አዲስ ቻናልም የራዳር ሰፈር ከሆነ፣ ድምፁን ሳያሰማ 60 ሰከንድ ማዳመጥ ይጠበቅበታል። ያቺ ያልካት አንድ ደቂቃ ይቺ ናት። ከ120 እስከ 128 ያሉት ደግሞ የባሱ ናቸው። አሜሪካ ውስጥ ትላልቅ ኤርፖርቶች አካባቢ ያሉ የአየር ጠባይ ራዳሮች የሚሠሩት እዚያው ላይ ነው። አንተ ደግሞ ኤርፖርቱ አፍንጫህ ሥር ነው።

የራውተርህን ገጽ ክፈትና ቻናሉን ከ`Auto` አውጥተህ 36 አድርገው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፦ የቻናሉ ስፋት 160 ላይ ከሆነ፣ 36 ብትመርጥም እስከ 64 ድረስ ይዘረጋል። ግማሽ አካልህ ተመልሶ ራዳር ሰፈር ገባ ማለት ነው። ስፋቱን 80 አድርገው። የስፒድ ቴስትህ ቁጥር ይቀንሳል። ተወው፤ ጌሙ ያንን ሁሉ አይፈልግም።

የስቶክሆልሙ፦ እኔ ጋ አሥር ደቂቃ ነው የሚጠፋው እንጂ አንድ ደቂቃ አይደለም። ስለዚህ ራዳር አይመስለኝም።

መልስ፦ እንዲያውም ራዳር መሆኑን የሚያሳየው እሱ ነው። አውሮፓ ውስጥ በእነዚያ የአየር ጠባይ ራዳር ቻናሎች ላይ የማዳመጫው ጊዜ 10 ደቂቃ ነው። ቻናልህን እይ።

የዱባዩ፦ የእኔ ላግ ያደርጋል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ «አመመኝ» ብቻ ብለኸኝ ምን መድኃኒት ልስጥህ? በ2.4 ነህ ወይስ በ5? በኬብል ሲሆንስ? ምንም ካላወቅክ ሁለት የኮማንድ ፕሮምፕት መስኮት ክፈትና እየተጫወትክ ይህን አስሂድ። የመጀመሪያው ቁጥር የራውተርህ አድራሻ ነው፤ የአንተ ሊለይ ይችላል።

```
ping -t 192.168.1.1
ping -t 8.8.8.8
```

አንዱን በአንዱ መስኮት፣ ሌላውን በሌላው። ጌሙ በተንገጫገጨ ቁጥር ወደ ሁለቱ ተመልከት። ወደ ራውተሩ ያለው ከዘለለ ጥፋቱ ቤትህ ውስጥ ነው፣ ዋይፋዩ ነው። እሱ 2 ወይም 3 ሚሊሰከንድ ላይ ረግቶ ወደ ውጭው ብቻ ከዘለለ፣ ችግሩ መስመሩ ላይ ነው ወይም ከዚያ ወዲያ ነው። ይህን ሳታዩ ራውተር አትግዙ።

የሐዋሳው፦ ይህ ሁሉ ለምን ያስፈልጋል? ቢትሬቱን፣ ጌሙ በሰከንድ የሚልከውን ዳታ፣ ወደ 10 ሜጋቢት ማውረድ ነው። እኔ እንደዚያ አድርጌ ተገላገልኩ።

መልስ፦ ግማሹ ልክ ነው። ዋይፋይህ የሚችለው ጌሙ ከሚጠይቀው ካነሰ፣ ቢትሬት መቀነስ ያድንሃል። ዋይፋዩ በየጊዜው የሚጠፋ ከሆነ ግን በ10ም ይጠፋል፣ በ50ም ይጠፋል። ሌላ ዋጋም አለው። ለ1080ፒ በ60 ፍሬም የሚመከረው 25 ሜጋቢት ነው። በ10 ስትጫወት የቆመ ምስል ያምራል፤ ሩጫና ፍንዳታ ሲመጣ ግን ስክሪኑ ጭቃ ይሆናል።

የሐዋሳው፦ እኔ ኳስ ነው የምጫወተው፣ ጭቃ አላየሁም።

የስቶክሆልሙ፦ ሣሩን ጠጋ ብለህ እይ።

የሐዋሳው፦ ሣር ላይ አይደለም የማገባው።

መልስ፦ ለዓይንህ ከበቃህ ይብቃህ። ለሌሎቻችሁ ግን፦ `Max bit rate` የሚለውን፣ ሠፈሩ ሁሉ ኔትወርክ ላይ በሚሆንበት ምሽት መስመራችሁ ከሚችለው ግማሽ ላይ አድርጉት። ከዚያ `Ctrl+N` ተጫኑና የሚጠፋውን ዳታ እዩ። ዜሮ ላይ ከቆየ ቀስ እያላችሁ ከፍ አድርጉ።

የዱባዩ፦ አየሁት። ወደ ራውተሩ ያለው 3፣ 4፣ ከዚያ 140፣ ከዚያ 90 ይላል። በ2.4 ነኝ። ጆይስቲኬ በብሉቱዝ ነው።

መልስ፦ አሁን ተነጋገርን። ብሉቱዝም ያው 2.4 ላይ ነው የሚሠራው። ጆይስቲክህና ዋይፋይህ አንድ በር ላይ እየተጋፉ ነው። በዚያ ላይ 2.4 ውስጥ ሳይነካኩ የሚቆሙት ሦስት ቻናሎች ብቻ ናቸው፦ 1፣ 6 እና 11። ፎቅ ሙሉ ጎረቤት እነዚህን ሦስቱን ይካፈላል። ወደ 5 ሂድ። ግድግዳው ካስቸገረህ ጆይስቲኩን በኬብል ሰካውና እንደገና ፒንጉን እይ።

የጀሞው፦ አዲስ አበባ ሆኜ የአውሮፓ ሰርቨር ላይ እጫወታለሁ። ምስሉ ጥሩ ነው፣ ግን ስጫን ቆይቶ ነው የሚሰማው። ዋይፋይ 6 ራውተር ብገዛ ይስተካከላል?

መልስ፦ አይስተካከልም። ገንዘብህን አታውጣ። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በአንድ ሚሊሰከንድ 200 ኪሎሜትር ያህል ነው የሚሄደው። ከአዲስ አበባ ፍራንክፈርት በቀጥታ ከ5,000 ኪሎሜትር በላይ ነው። ደርሶ መልስ ቢያንስ 50 ሚሊሰከንድ በላ ማለት ነው፤ ያውም ኬብሉ በቀጥታ ቢሄድ። ኬብል ደግሞ ይጠማዘዛል። ጂፎርስ ናው የሚጠይቀው ከ80 በታች ነው። አንተ የምትቆጥበው ቤትህ ውስጥ ያለችውን 3 ወይም 4 ሚሊሰከንድ ብቻ ነው። ጥሩ ኮምፒውተር ካለህ ሰንሻይን የሚባለውን የጌም ማስተላለፊያ ፕሮግራም እሱ ላይ፣ መቀበያውን ሙንላይትን ስልክህ ላይ ጫንና ከራስህ ቤት ወደ ራስህ ቤት አጫውት። ያኔ ራውተሩ ዋጋ ይኖረዋል።

እናት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ ልጄ፣ እኔ ጌም አልጫወትም። ልጄ ሲጫወት ግን አዲስ አበባ ካለችው እህቴ ጋር የማወራው ቪዲዮ ይቆራረጣል። ኢንተርኔታችን 50 ነው።

መልስ፦ እማማ፣ የልጅዎ ጌም ብቻውን መስመሩን ሊሞላው ይችላል። ቢትሬቱን 20 ላይ እንዲያደርገው ይንገሩት። ስልኮቹ ፎቶ ወደ ክላውድ የሚልኩትም ሌሊት ይሁን። መላኪያው ሲጨናነቅ የእርስዎም ድምፅ፣ የእሱም ጌም አብሮ ይጎተታል። ራውተራችሁ `SQM` የሚል ነገር ካለው ያብራውና ከመስመሩ ፍጥነት ትንሽ ዝቅ አድርጎ ይሙላው። ከዚያ በኋላ ወረፋውን ራሱ ያስተካክለዋል።

የሚኒያፖሊሱ፦ የእኔም ላግ ያደርጋል። ስፒድ ቴስቱን ልላክ?

መልስ፦ አትላክ። ለዱባዩ የመለስኩትን አንብብና ሁለቱን ፒንጎች ላክ።

ሌላ፦ ቪፒኤን ይረዳል?

መልስ፦ አብዛኛውን ጊዜ መንገዱን ያረዝማል።

ሌላ፦ የትኛው ራውተር ይሻላል?

መልስ፦ በኬብል የሰካኸው።

የአሌክሳንድሪያው፦ ከሁለት ቀን በኋላ ተመለስኩ። 36 ላይ፣ በ80 ስፋት። አንድም ጊዜ አልተቆረጠም። ግን አሁን በየደቂቃው አንዴ ትንሽ ይንገጫገጫል። ማክቡክ ላይ ስጫወት ነው፣ በዊንዶውሱ የለም።

መልስ፦ ማክ ለኤርድሮፕ ሲል በየጊዜው ዋይፋዩን ወደ ሌላ ቻናል ያንሸራትተዋል። ለሙከራ ተርሚናል ላይ ይህን ጻፍና ተጫወት፤ ኤርድሮፕ መሥራቱን ያቆማል፣ በኋላ ደግሞ ራሱ ሊነሳ ይችላል።

```
sudo ifconfig awdl0 down
```

የአሌክሳንድሪያው፦ ቀነሰ፣ ግን አልጠፋም።

መልስ፦ እንግዲያው ሌላም ነገር አለ። ለዱባዩ የሰጠኋቸውን ሁለቱን ፒንጎች ማክ ላይ `-t`ን ትተህ አስሂዳቸው፣ ግማሽ ሰዓት ተዋቸውና የተንገጫገጨበትን ሰዓት ጽፈህ ላክልኝ።