መዘግየቱን በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ንገሪያቸው

ጥያቄ፦ «ለደንበኛ የምንሠራው ሲስተም ሦስት ሳምንት ሊዘገይ ነው። ኢሜይሉን የምጽፈው እኔ ነኝ። መዘግየቱን ከላይ ልጻፈው ወይስ ያለቁትን ሥራዎች አስቀድሜ ቀስ ብዬ ልግባበት? ምክንያቱንስ ምን ያህል ላብራራ?»

እህቴ፣ ከላይ ጻፊው። ሰላምታው አንድ መስመር ይበቃዋል። ከዚያ ወዲያው የነበረውን ቀንና አዲሱን ቀን ጎን ለጎን አስቀምጪ። ያለቁት ሥራዎች ከታች ቦታ ያገኛሉ።

እኔ የምሠራው ሲስተም ተከላ ላይ ነው። እንዲህ ዓይነት ኢሜይል ብዙ ጊዜ ጽፌያለሁ፣ ባልደረቦቼ የጻፉትንም ሳይላክ አንብቤ አብረን አስተካክለናል። ከአንቺ ጉዳይ ጋር ይመሳሰላል ከምላቸው አንዱን በዝርዝር ላሳይሽ።

ሁለት መጋዘን ላለው ደንበኛ የዕቃ መቆጣጠሪያ ሲስተም እየተከልን ነበር። ሥራ የሚጀምረው ሰኞ ጥቅምት 12 ነው ተብሏል። ሐሙስ ጥቅምት 1 መረጃውን ለሙከራ ስንጭን ሁለቱ መጋዘኖች አንዱን ኮድ ለተለያየ ዕቃ ሲጠቀሙበት እንደኖሩ ታየ። እዚህኛው መጋዘን ቧንቧ የሆነው ኮድ እዚያኛው ገመድ ነው። እንዳለ ብንጭነው የቧንቧውና የገመዱ ብዛት ይደመራል። እንዲህ የተምታቱት ኮዶች ከ600 በላይ ነበሩ።

የባልደረባዬ የመጀመሪያ ረቂቅ ርዕሱ «ሳምንታዊ ሪፖርት» ይል ነበር። ስለ ሪፖርት ቅጾቹ አንድ አንቀጽ፣ ስለ ኔትወርኩ ሌላ አንቀጽ። ሦስተኛው ላይ «በመረጃ ዝውውሩ ረገድ አንዳንድ ተግዳሮቶች በማጋጠማቸው በጊዜ ሰሌዳው ላይ መጠነኛ ማስተካከያ ሊያስፈልግ ይችላል» ይላል። አሁን ኢሜይሉን ስብሰባ ላይ ሆኖ በስልኩ የሚያየውን ሥራ አስኪያጅ አስቢው። ስልኩ የሚያሳየው ርዕሱንና የመጀመሪያውን መስመር ነው። «ጥሩ እየሄዱ ነው» ብሎ ያልፋል። ሦስተኛው አንቀጽ ድረስ ቢያነብም «መጠነኛ» ማለት ሁለት ቀን ይሁን ሁለት ወር አያውቅም። «ሊያስፈልግ ይችላል» የሚለው ደግሞ ገና ያልተወሰነ ያስመስለዋል። እኛ ግን ጥቅምት 12 እንደማይሆን አውቀናል።

አርብ ጠዋት መጀመሪያ ስልክ ደወልን። ሦስት ሳምንት ቀላል ስላልሆነ ሰው በጽሑፍ ብቻ ባይሰማው ጥሩ ነው። ወዲያው ግን ይሄ ኢሜይል ተከተለ፤

«ርዕስ፦ ሲስተሙ ሥራ የሚጀምርበት ቀን ከጥቅምት 12 ወደ ኅዳር 3 ተዛውሯል

ጤና ይስጥልን። ጥቅምት 12 ይጀምራል ያልነው ሲስተም የሚጀምረው ኅዳር 3 ነው። ለሦስት ሳምንቱ መዘግየት ይቅርታ እንጠይቃለን። እስከዚያ ሁለቱም መጋዘኖች በድሮው ሲስተም መቀጠል ይኖርባቸዋል።

ምክንያቱ፦ ትናንት ባደረግነው ሙከራ ከ600 በላይ ኮዶች በሁለቱ መጋዘኖች ለተለያየ ዕቃ እንደሚያገለግሉ አይተናል። እንዳሉ ቢጫኑ ሲስተሙ የሚያሳየው የዕቃ ብዛት ትክክል አይሆንም። እያንዳንዱን ኮድ ዕቃውን ከሚያውቅ ሰው ጋር አይቶ መለየት ያስፈልጋል።

አዲሱ ዕቅድ፦ እስከ ጥቅምት 15 ኮዶቹን ለይተን እንጨርሳለን። ጥቅምት 22 ሙከራውን እንደግማለን። ከጥቅምት 26 ጀምሮ የእናንተ ሠራተኞች ውጤቱን መደርደሪያ ላይ ካለው ዕቃ ጋር ያመሳክራሉ። የሪፖርት ቅጾቹ በተባለው ቀን፣ ጥቅምት 8፣ ይደርሷችኋል።

ከእናንተ የምንፈልገው፦ ከየመጋዘኑ ዕቃዎቹን በደንብ የሚያውቅ አንድ ሰው ለሁለት ቀን። ስማቸውን እስከ ሰኞ ጥቅምት 5 ብትልኩልን ከላይ ያሉትን ቀኖች መጠበቅ እንችላለን። ጥቅምት 15 የደረስንበትን እጽፍላችኋለሁ።»

መልሱ በዚያው ቀን መጣ። የድሮው ሲስተም ውል ጥቅምት 30 ያበቃል፣ ማራዘም ከፈለጉ ደግሞ እስከ ጥቅምት 6 መጠየቅ አለባቸው። እኛ ይሄን የምናውቅበት መንገድ አልነበረም፤ ውሉ የእነሱና የሌላ ድርጅት ነው። ዜናው ሦስተኛው አንቀጽ ውስጥ ተደብቆ ቢቀር ኖሮ ቀኑ ያልፋቸው ነበር፣ መጋዘኖቹም መሃል ላይ ምንም ሲስተም ሳይኖራቸው ይቀሩ ነበር። መዘግየቱን ከላይ ጻፊ የምልሽ ከሁሉ በላይ ለዚህ ነው። አንባቢሽ አንቺ በማታውቂው ነገር ላይ የራሱ የጊዜ ገደብ አለው። ምን እንደሚነካበት ማየት የሚችለው ቀኑን ሲያውቅ ነው።

ስለ ምክንያቱ የጠየቅሽው ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚያ ነው። ምክንያት የሚጻፈው አንባቢው አዲሱን ቀን እንዲያምነው ነው። ስለዚህ መጠኑን በዚያ ለኪው። ምክንያቱን አንብቦ «ታዲያ ለምን ሦስት ሳምንት? ለምን ሦስት ቀን አይበቃም?» ብሎ የሚጠይቅ ከሆነ አንድ ነገር ጎድሏል። በእኛ ኢሜይል ያንን የመለሰው «እያንዳንዱን ኮድ ዕቃውን ከሚያውቅ ሰው ጋር አይቶ» የሚለው ነው። ከዚያ በላይ ያለው የቴክኒክ ዝርዝር በአባሪ ይሂድ። የሚፈልግ ይከፍተዋል።

ጥፋት ማላከክም እዚህ ጋ ነው ሾልኮ የሚገባው። ኮዶቹ የደንበኛው ስለነበሩ «የላካችሁልን መረጃ ስህተት ስለነበረው» ብሎ መጻፍ ይቻል ነበር። እንደዚያ ቢጻፍ ግን የሚመጣው መልስ የሁለት ሰው ስም ሳይሆን ክርክር ነው። ማን ምን መክፈል አለበት የሚል ጉዳይ ካለ በሌላ ቀን፣ በውሉ መሠረት፣ ለብቻው ይነሳል። ይቅርታም አንድ ጊዜ በቂ ነው። በየአንቀጹ ሲደጋገም አንባቢው ዕቅዱን ትቶ አንቺን ማጽናናት ውስጥ ይገባል።

አዲሱን ቀን ደግሞ ከምኞት አታምጪው። ሥራውን በእጁ የሚሠራውን ሰው ጠይቂ። የእኛ የመረጃ ባለሙያ ሁለት ሳምንት አለ። የማመሳከሪያውን ሳምንት ስንጨምርበት ሦስት ሆነ። ደንበኛውን ደስ ለማሰኘት ሁለት ብለን ብንጽፍ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሁለተኛ የመዘግየት ኢሜይል እንጽፋለን፣ ያኔ ደግሞ ሦስተኛ ቀን ብንሰጥም የሚያምነን አይኖርም። መሃል ላይ ያሉት ቀኖችም ለዚህ ይጠቅማሉ። ጥቅምት 15 ኮዶቹ ካላለቁ ኅዳር 3 አደጋ ላይ መሆኑን እነሱም እኛም እኩል እናያለን።

አዲሱን ቀን ገና ካላወቅሽው እስክታውቂው አትጠብቂ። «ጥቅምት 12 አይደርስም። አዲሱን ቀን ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ አሳውቃችኋለሁ» ብለሽ ላኪ። ከዚያ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ መልሱ ባይሟላልሽም፣ የደረስሽበትን ጻፊ።